የስቱዲዮሽ ገንዘብና የኪስሽ ገንዘብ፦ የአንዲት ሜካፕ ሠሪ የጥር ወር ሂሳብ

ጓደኛዬ ጥፍርና ሜካፕ ትሠራለች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው፤ ሠራተኛ የላትም። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሂሳብ ነው። ጥር 1 ቀን ጠዋት ሱቋ ሄጄ ያላትን ገንዘብ በሙሉ አብረን ቆጠርን። መሳቢያ ውስጥ 2,400 ብር፣ ቴሌብር ላይ 6,100፣ ባንክ 21,500። በድምሩ 30,000 ብር። ደስ አላት። የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚሁ ልትከፍል አሰበች።

«ከዚህ ውስጥ ያንቺ ስንቱ ነው?» አልኳት።

በዚያ ወር ለሚያገቡ ሦስት ሙሽሮች ከእያንዳንዳቸው 3,000 ብር ቀብድ ተቀብላለች። 9,000 ብር ማለት ነው። ሥራው ገና አልተሠራም። ኪራይ ደግሞ በየሦስት ወሩ 30,000 ብር ትከፍላለች፤ ቀጣዩ ክፍያ የካቲት 1 ነው። በየወሩ 10,000 እያስቀመጠች ብትሄድ ኖሮ በዚያን ጠዋት 20,000ው ተቀምጦ መገኘት ነበረበት። ሁለቱን ስንደምር 29,000። የቀረው 1,000 ብር ነው። እሱም ለመልስ የምትይዘው ዝርዝር ነው።

ይሄን ስታይ ዝም አለች። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከኪራዩ ላይ ሊወጣ ነበር። የካቲት 1 ሲደርስ ደግሞ ብድር ፍለጋ ልትሄድ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ያደረግነውን ነው፤ ቁጥሮቹን በፈቃዷ አጠጋግቻቸዋለሁ። ብቻሽን የምትሠሪ ከሆነ፣ ጥፍርም ይሁን ሹሩባ ወይም ሽፋሽፍት፣ ያው ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ፦ ለገንዘቡ የተለየ ቤት

ሦስት ቦታ ያስፈልግሻል።

አንደኛው የሱቅ የባንክ ሂሳብ ነው። አሁን ያለሽን የግል ሂሳብ ለግልሽ ተዪውና ሌላ ክፈቺ። ንግድ ፈቃድ ካለሽ በንግድ ስምሽ ማስከፈት ይሻላል። ከተቻለ በሌላ ባንክ ይሁን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለቱ ሂሳቦች አንድ አፕ ውስጥ ጎን ለጎን ከታዩሽ፣ ሲቸግርሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር አንድ ጠቅታ ነው።

ሁለተኛው የሱቅ ስልክ ቁጥር ነው። ብዙ ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ደንበኛ የምትደውልልሽ በግል ቁጥርሽ ነው፤ በቴሌብር የምትልክልሽም በዚያው ነው። እህትሽም ለበዓል የምትልክልሽ እዚያው ላይ ይገባል። ወር ሲያልቅ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት መከራ ነው። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ሲም አውጥተሽ ቴሌብር ክፈቺበትና ግድግዳው ላይ የምትለጥፊው እሱን ቁጥር ይሁን። ንግድ ፈቃድ ካለሽ የነጋዴ ቴሌብር ብታወጪ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ደንበኛዋ ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጋ ትከፍላለች፣ ቁጥር መሳሳት የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርሽ። ስክሪንሾት አትመኚ። ደንበኛዋ ስልኳን አዙራ «ይኸው ልኬያለሁ» ብትልም፣ የሱቁ ስልክ ላይ መልእክቱ እስኪገባ ወይም ቀሪ ሂሳብሽ ጨምሮ እስክታዪ ድረስ ደብተሩ ላይ አትጻፊው። የተቀነባበረ ስክሪንሾት የሚያሳዩ ሰዎች አሉ።

ሦስተኛው ቆርቆሮ ወይም መሳቢያ ነው። ለመልስ የሚሆን ቋሚ ገንዘብ ይኑረው፤ ለጓደኛዬ 1,000 ብር በዝርዝር በቂዋ ነው። ማታ ሲዘጋ 1,000ው ይቀራል፣ ከዚያ በላይ ያለው ይወጣል። በሳምንት ሁለት ቀን ባንክ ይገባል። ቦርሳሽ ውስጥ ግን የሱቅ ብር አይደር። ቦርሳ ውስጥ የገባ ብር መንገድ ላይ አትክልት ይገዛል፣ ታክሲ ይከፍላል፣ ማንም ሳያስታውሰው ያልቃል።

ቀጥሎ፦ በቀን አምስት ደቂቃ የሚወስድ ደብተር

ባለ መስመር ደብተር ግዢ። በእያንዳንዱ ገጽ አምስት ዓምድ አስምሪ፦ ቀን፣ ምን ተሠራ ወይም ምን ተገዛ፣ የገባ፣ የወጣ፣ በምን (ካሽ፣ ቴሌብር፣ ባንክ)። ለአንድ ደንበኛ አንድ መስመር። ስሟን መጻፍ የለብሽም። «ጄል፣ 900፣ ቴሌብር» ይበቃል።

የምትጽፊው ደንበኛዋ ከወንበር ስትነሣ ነው። ማታ አስታውሼ እጽፋለሁ ካልሽ ሰባተኛዋን ደንበኛ ትረሻታለሽ። ጓደኛዬ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን እንደዚያ አድርጋ ሁለቱንም ቀን መሳቢያውና ደብተሩ አልተገናኙም።

ማታ ስትዘጊ መሳቢያውን ቁጠሪ። ጠዋት የነበረው፣ ሲደመር በካሽ የገባው፣ ሲቀነስ በካሽ የወጣው፣ መሳቢያው ውስጥ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። ልዩነት ካለ ያኔውኑ ጻፊው። ለምን እንደሆነ ባታውቂም «50 ብር ጎድሏል» ብለሽ ጻፊ። ከኪስሽ ጨምረሽ አታስተካክዪው። ከኪስሽ ካሟላሽ ጉድለቱ ከየት እንደመጣ በፍጹም አታውቂም፤ በየሳምንቱ ዓርብ የሚደጋገም ነገር ቢሆንም አይታይሽም።

ስለ ቀን አቆጣጠርም ላንሣ። ኪራዩም ደንበኛውም በእኛ አቆጣጠር ስለሚሄድ ደብተሩ በእኛ ወር ይሁን። የባንክና የቴሌብር መልእክት ግን የሚመጣው በፈረንጅ ቀን ነው። ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ ወሩ በፈረንጅ ስንት ላይ እንደሚጀምር ጻፊ። ለምሳሌ ጥር 1 ቀን 2018 ጃንዋሪ 9 ላይ ነው የዋለው። ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት፣ እንደ 2016 ባለው፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 10 ይውላል። ይህች አንድ ቀን ብቻ ሂሳብ ሲታረቅ ግማሽ ቀን ታስፈጅብሻለች። ጳጉሜን ለብቻዋ ወር አታድርጊያት፤ ከነሐሴ ጋር አንድ ላይ ዝጊያት።

ገባ ማለት ገቢ ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የውበት ሥራ ከሌላው ንግድ የሚለየው በዚህ ነውና።

ቀብድ። ሙሽራዋ 3,000 ስትሰጥሽ ገንዘቡ እጅሽ ገባ እንጂ ገና አላገኘሽውም። ሠርጉ ቢሰረዝ ልትመልሺው ትችያለሽ። ስለዚህ ከደብተሩ ጀርባ አንድ ገጽ «ቀብድ» ብለሽ ክፈቺ። የተቀበልሽበትን ቀን፣ የሠርጉን ቀን፣ መጠኑን ጻፊ። ሙሽራዋን ሠርተሽ ስትጨርሺ ከዚያ ገጽ ላይ ሰርዘሽ ወደ ገቢ ታሻግሪዋለሽ። ሰርጉ ቢቀር ቀብዱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ግን ስትቀበዪ ከሙሽራዋ ጋር ተነጋገሪና በመልእክት አስፍሪው። በኋላ የሚያጣላው እሱ ነው።

የዕቃ ገንዘብ። «ሂውማን ሄሩን አንቺ ግዢልኝ» ብላ 7,000 ብር የምትልክልሽ ደንበኛ አለች። ያ ብር በአንቺ በኩል ያልፋል እንጂ ያንቺ አይደለም። ሲገባም ሲወጣም ጻፊው፣ ነገር ግን ጎኑ ላይ «የሰው ዕቃ» በይበት። በወሩ መጨረሻ ከሁለቱም ወገን ይወጣል። በራስሽ ገንዘብ ገዝተሽ አትርፈሽ የምትሸጪው ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ንግድ ስለሆነ ሽያጩ ገቢ፣ ግዢው ወጪ ይሆናል።

ዕቁብ። ዕቁብ ሲደርስሽ ትልቅ ብር ነው፤ ሰው «ሥራው ሞቀ» ይላል። ግን የራስሽ ቁጠባ ነው የተመለሰው። ገቢ ብለሽ አትጻፊው። ዕቁቡን የምትጥዪው ከየት ነው? ከደሞዝሽ ከሆነ ሲደርስሽም የግልሽ ነው። አዲስ ወንበር ወይም መስታወት ለመግዛት ብለሽ የገባሽው ከሆነ ከሱቁ ጣዪ፣ ሲደርስሽም የሱቁ ሂሳብ ውስጥ ይግባ። አንዱን ዕቁብ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ አትጣዪ።

ስለ ጉርሻ ብዙ አትጨነቂ። ብቻሽን ስለምትሠሪ ደንበኛዋ ለ900ው 1,000 ብትልክ 1,000 ብለሽ ጻፊና እለፊ። «ነገ እልካለሁ» ብላ የሄደችዋን ደግሞ በጀርባ በኩል የዱቤ ገጽ ላይ መዝግቢያት። ገቢ የምትሆነው ስትከፍል ነው።

ለራስሽ ደሞዝ ቁረጪ

ገንዘቡን በእውነት የሚለየው ሂሳብ መክፈቱ ሳይሆን ይሄ ነው። ደሞዝ ካልቆረጥሽ የቤት ወጪ ሲመጣ እጅሽ መሳቢያው ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ ባንክ ብትከፍቺም ያው ነው።

መጠኑን እንዲህ ነው ያገኘነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ከቴሌብሩና ከባንኩ ታሪክ እያየን ግምታዊ ትርፏን አወጣን። ከሦስቱ ዝቅተኛውን ያዝን። አማካዩን ወይም ከፍተኛውን ብንይዝ ኖሮ በጾም ወራት መክፈል አትችልም ነበር። ከዝቅተኛው ወር ላይ ለግብርና ለዕቃ የሚቀመጠውን ቀንሰን በአራት ሳምንት ስናካፍለው 6,000 ብር በሳምንት መጣ። ከዚያ በኋላ በየሰኞው ከሱቅ ሂሳብ ወደ ግል ሂሳቧ 6,000 ብር ይገባል። የቤት አስቤዛ፣ የልጇ ትምህርት ቤት፣ የራሷ ልብስና ትራንስፖርት ሁሉ ከዚያ ነው። ወሩ አምስት ሰኞ ካለው አምስት ጊዜ ትወስዳለች።

በመሐል ከመሳቢያው የወሰደችው ማንኛውም ነገር «የራስ» ተብሎ ይጻፋል፣ ከሚመጣው ሰኞ ላይ ይቀነሳል። ወንድሟ መጥቶ 500 ብር ቢለምናት ከራሷ ኪስ ትሰጣለች። ሱቁ ወንድም የለውም፤ እኔ ለደንበኞቼ ሁሉ የምለው ይሄንን ነው። የአክስቷን ልጅ በነፃ ጥፍር ከሠራችም «ነፃ» ብላ በዜሮ ትጽፋለች። ጄሉ ወጥቷልና፣ በወር ስንት ነፃ ሥራ እንደሄደ ማየቱ ይጠቅማታል።

ወሩን መዝጋት፦ ጥር 30 ማታ

ጥር ለሜካፕ ሠሪ ትልቅ ወር ነው። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ በሠርግ ላይ ነው። ሦስቱ ሙሽሮች እያንዳንዳቸው 12,000 ነበር የተዋዋሉት፤ ቀብዱ ሲቀነስ ቀሪው 9,000፣ ለሦስት 27,000። ከሌላው የዕለት ተዕለት ሥራ 52,600 ብር ገባ። ለግንቦት ሠርግ ሁለት አዲስ ሙሽሮች 6,000 ቀብድ ሰጡ። ሁለት ደንበኞች ደግሞ ለሂውማን ሄር 14,000 ላኩ። በአጠቃላይ በወሩ ውስጥ የገባው 99,600 ብር ነው።

መቶ ሺህ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ግን እንግዲህ እናጥራው። 14,000ው የሰው ዕቃ ነው፣ ይወጣል። 6,000ው ለግንቦት የተያዘ ቀብድ ነው፣ ይወጣል። በሌላ በኩል ሦስቱ ሙሽሮች ስለተሠሩ የቀድሞው 9,000 ቀብድ አሁን ገቢ ሆኗል፣ ይገባል። የጥር እውነተኛ ገቢ 88,600 ብር ነው።

ወጪውን ስንደምር ዕቃ፣ ማለትም ጄል፣ ቲፕ፣ አሴቶን፣ ጥጥ፣ ፋውንዴሽንና የመሳሰለው፣ 19,400። የወሩ ኪራይ ድርሻ 10,000። መብራትና ውኃ 1,300። በሠርግ ቀን ለሦስት ቀን የረዳቻት ልጅ በቀን 800፣ በድምሩ 2,400። ወደ ሙሽራ ቤት ለታክሲ 2,700። የሱቅ ስልክና ኢንተርኔት 800። ሁሉም አንድ ላይ 36,600። ከ88,600 ላይ ስንቀንሰው ትርፉ 52,000 ብር ይሆናል።

ከዚህ 52,000 ላይ በአራት ሰኞ 24,000 ደሞዝ ወስዳለች። 3,000 ለግብር ተቀመጠ። 2,000 ለዕቃ መተኪያ፤ የጥፍር ማድረቂያ መብራቱና የጥፍር ሞተሩ አንድ ቀን መበላሸታቸው አይቀርም። 23,000 ብር ተረፈ። ይህ ብር አይነካም። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ 55 ቀን ነው። ኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፣ ሜካፑ ይቀዘቅዛል፣ የሚቀረው በአብዛኛው ጥፍር ነው። የመጋቢት ሰኞ 6,000 የሚወጣው ከዚህ ከጥር 23,000 ላይ ነው።

ይሄን ሁሉ ከጻፍን በኋላ የቀረው ማረጋገጥ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የማምነው ይሄንን ነው። ጥር 1 ቀን 30,000 ነበር። 99,600 ገባ። በትክክል ከእጅ የወጣው ደግሞ ዕቃ 19,400፣ መብራትና ውኃ 1,300፣ ረዳት 2,400፣ ታክሲ 2,700፣ ስልክ 800፣ የሂውማን ሄሩ 14,000፣ ደሞዝ 24,000፣ በድምሩ 64,600። ኪራዩ እዚህ ውስጥ የለም፤ የሚከፈለው በማግሥቱ ነውና። እንግዲህ ሦስቱ ቦታ ላይ በአንድነት 65,000 ብር መገኘት አለበት።

ስንቆጥር 63,800 ሆነ። 1,200 ብር ጎደለ።

ሲጎድል መጀመሪያ የሚታየው ደብተሩ ሳይሆን የግል ስልክሽ ነው። የግል ቴሌብሯን ታሪክ ከጃንዋሪ 9 ጀምረን አየን። አንዲት የቆየች ደንበኛ በልማድ 800 ብር ወደ ድሮው ቁጥር ልካለች። የቀረው 400ስ? ደብተሩ ላይ ጥር 23 ማታ «400 ጎድሏል» ተብሎ ተጽፏል። የሠርግ ቅዳሜ ነው ብላ አስታወሰች፤ ለራሷ ምሳ ከመሳቢያው አውጥታ አልጻፈችውም። ሁለቱንም ያኔውኑ ከግል ሂሳቧ ወደ ሱቁ መለሰች። 65,000 ሞላ።

ልዩነቱ በ9 ተካፍሎ ሙሉ ቁጥር ከሰጠሽ ደግሞ ቁጥር ገልብጠሽ ጽፈሽ እንደሆነ ፈትሺ፤ 540ን 450 ብሎ መጻፍ 90 ብር ይለያያል። ልዩነቱ የአንድ አገልግሎትሽ ዋጋ ከሆነ ያልተጻፈች ደንበኛ አለች ማለት ነው። ከመጠን በላይ ከተገኘ ደግሞ አትደሰቺ። አብዛኛውን ጊዜ ቀብድ ተቀብለሽ ሳትጽፊ ቀርተሻል፤ ያቺ ሙሽራ ቀኑ ሲደርስ «ከፍያለሁ» ትልሻለች።

65,000ው በመጨረሻ እንዲህ ይከፋፈላል። 30,000 ለኪራይ፣ 6,000 ቀብድ፣ 3,000 ግብር፣ 2,000 ዕቃ መተኪያ፣ 1,000 ዝርዝር፣ 23,000 ለጾም ወራት። ይሄንን ክፍፍል በወሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፊው። የሚቀጥለው ወር የሚጀምረው በዚህ ገጽ ነው።

ደረሰኝና ግብር

የዕቃ ደረሰኝ በየወሩ አንድ ፖስታ ውስጥ ይግባ፤ ፖስታው ላይ የወሩ ስም ይጻፍ። መርካቶ ያለ ደረሰኝ የገዛሽውንም ደብተሩ ላይ ጻፊ፣ ለራስሽ ሂሳብ ያስፈልግሻል። ለግብር መሥሪያ ቤት ግን የሚያገለግለው ሕጋዊ ደረሰኝ ነው። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ስለዚህ ደብተርሽንም በሐምሌ ብትጀምሪው ሰኔ ላይ 12 የወር መዝጊያ ገጽ ይዘሽ ትቀርቢያለሽ። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የምታስቀምጪውን መጠን በድሮው ክፍያሽ ብቻ አትወስኚ። የሦስት ወር መዝጊያ ገጽሽን ይዘሽ ወደ ወረዳሽ የግብር ቢሮ ሂጂና በዓመት ምን ያህል እንደሚደርስብሽ አስሰልተሽ ለ12 አካፍዪው።

ጓደኛዬ የካቲት 1 ጠዋት 30,000ውን ከሱቁ ሂሳብ ለአከራይዋ አስተላለፈች። ከዚያ አዲስ ገጽ ገልጣ አናቱ ላይ «የካቲት፣ ፌብሩዋሪ 8፣ 35,000» ብላ ጻፈች።